ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ለምን መጀመሪያ ሲቲ ስካን ይነሳል?

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ዴም ሰፈር ስንኖር አንድ የሰፈራችን ልጅ ከራክሻ ወድቆ ከጆሮው በላይ ያለውን የጭንቅላቱን ጎን አስፋልቱ መታው። ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ነበር። ከዚያ ተነሳና "ደህና ነኝ" ብሎ ከእኛ ጋር ሻይ ጠጣ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ራስ ምታቱ ባሰበት፣ ሁለቴ አስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍም አለው።

ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ ወዲያው ሲቲ ስካን አዘዘ። አጎቱ "ኤም አር አይ ይሻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ተበድሬም ቢሆን እከፍላለሁ" አሉ። ሐኪሙም "አባቴ፣ አሁን የሚሻለው ፈጣኑ ነው" አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲቲ ስካን በራጅ ጨረር ነው የሚሠራው። ማሽኑ በጭንቅላቱ ዙሪያ እየዞረ ያነሳና እንደተቆራረጠ ዳቦ በስስ በስሱ ያሳያል። ማንሳቱ ራሱ ሰከንዶች ነው የሚወስደው። ትኩስ ደም ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የአጥንት ስንጥቅም እንዲሁ ይለያል። ቀዶ ሐኪሙ በዚያች ሰዓት ማወቅ የሚፈልገውም ይህንን ነው፦ ደም አለ ወይስ የለም?

ኤም አር አይ ግን ትልቅ ማግኔት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ሳይነቃነቁ መተኛትን ይጠይቃል። የሚያስመልሰውና የሚወራጭ ሰው ይህን አይችልም። ተራው የኦክስጅን ሲሊንደር እንኳ አይገባም፤ ማግኔቱ ብረቱን ስቦ ይወረውረዋል። ሰውነቱ ውስጥ የጥይት ወይም የፈንጂ ስብርባሪ ያለበት ሰው ደግሞ ራሱን ከሳተ ይህን መናገር አይችልም።

የልጁ ፎቶ ላይ ከራስ ቅሉ ሥር እንደ ምስር ፍሬ መሀሉ ያበጠ ነጭ ነገር ታየ። በዚያ በኩል አጥንቱ ስስ ነው፤ ሲሰነጠቅ ከሥሩ ያለውን የደም ሥር ይቆርጠዋል። የሚጠራቀመው ደም መውጫ ስለሌለው አንጎልን ይጫናል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ደህና መስሎ እያወራ ኋላ የሚወድቀው። በዚያው ሌሊት የራስ ቅሉን ከፍተው ደሙን አወጡለት፤ ተረፈ።

ሲቲ ስካን ሁሉን ያያል ማለት ግን አይደለም። ፎቶው ንጹህ ሆኖ ሰውየው ካልነቃ፣ የተበጠሱት የአንጎል ቀጫጭን ክሮች ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱን የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው፤ ስለዚህ በሽተኛው ከተረጋጋ በኋላ ይታዘዛል። ትንሽ ለተመታ ሁሉም ሲቲ ስካን አያስፈልግም፤ በተለይ ልጆችን ያለ ምክንያት ለጨረር ማጋለጥ ጥሩ አይደለም።

ደጋግሞ ማስመለስ፣ መደናገር፣ ለመንቃት መቸገር፣ አንድ ወገን መድከም፣ መንቀጥቀጥ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ደም ወይም ውሃ መሰል ነገር መውጣት ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ዕድሜው ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ምቱ ቀላል ቢመስልም ይታይ። አብሮት የሚሄድ ሰው ለሐኪሙ ስንት ሰዓት እንደወደቀ፣ ራሱን ስቶ እንደነበርና ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው ይንገር።