የሺት ስም ሲቀየር ፎርሙላዎች ምን ይሆናሉ?

በኤክሴል የሺትን ስም መቀየር ቀላል ነው። ከታች ባለው ታብ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ተደርጎ አዲሱ ስም ይጻፍና ኢንተር ይጫናል። ስሙ ከ31 ፊደልና ምልክት መብለጥ የለበትም፤ በተጨማሪም ኤክሴል በሺት ስም ውስጥ የማይቀበላቸው ምልክቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ እዝባር ስለሆነ «ሐምሌ 2016/17» የሚል ስም አይቻልም፤ «ሐምሌ 2016-17» ግን ይቻላል። ችግሩ ያለው በአሰያየሙ ላይ ሳይሆን፣ በሌሎች ሺቶች ላይ ተቀምጠው ያንን ሺት የሚያነብቡት ፎርሙላዎች ዘንድ ነው። አንዳንዶቹ አዲሱን ስም በራሳቸው ይከተላሉ፣ አንዳንዶቹ ይሰበራሉ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳዩ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣሉ።

ነገሩን በአንድ የወጪ መዝገብ ማየት ይቻላል። የኢትዮጵያ የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ስለዚህ ፋይሉ ከሐምሌ ጀምሮ ለየወሩ አንድ ሺት አለው እንበል። የእያንዳንዱ ወር ድምር በE40 ሴል ላይ ይገኛል። «ማጠቃለያ» የሚባል ሌላ ሺት ደግሞ የወራቱን ድምር ይሰበስባል። ይህን ስብሰባ ለመሥራት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ሺቱን በቀጥታ መጥራት ነው፦

```
='ሐምሌ'!E40
```

ሁለተኛው በማጠቃለያው A ዓምድ ላይ የወሩን ስም ጽፎ፣ INDIRECT የተባለው ፎርሙላ ስሙን ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ ነው፦

```
=INDIRECT(A2&"!E40")
```

A2 ላይ «ሐምሌ» ተጽፎ ከሆነ ሁለቱም ፎርሙላዎች ያንኑ ቁጥር ያመጣሉ። ልዩነታቸው የሚገለጠው የሺቱ ስም ሲቀየር ነው። በቀጥታ የሚጠራው ፎርሙላ የያዘው ሺቱን ራሱን ነው፤ በፎርሙላው መስመር ላይ የሚነበበው ስም ኤክሴል ለሰው ብሎ የሚያሳየው ብቻ ነው። ስለዚህ ሺቱ «ሐምሌ 2017» ከተባለ ፎርሙላው ወዲያው ='ሐምሌ 2017'!E40 ሆኖ ይታያል፣ ቁጥሩም አይነካም። INDIRECT ግን የያዘው በA2 ላይ የተጻፉትን ፊደላት ነው። ፊደላቱ ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ ኤክሴል አይነካቸውም። ፎርሙላው «ሐምሌ» የሚባል ሺት ፈልጎ ሲያጣ #REF! ይላል።

እርማቱ A2 ላይ «ሐምሌ 2017» ብሎ መጻፍ ይመስላል፤ ያ ብቻውን ግን አይበቃም። አዲሱ ስም በመሐሉ ባዶ ቦታ አለው፣ ኤክሴል ደግሞ ባዶ ቦታ ያለበትን የሺት ስም በነጠላ ጥቅስ ካልታጠረ አያነብም። A2 ተስተካክሎ ስህተቱ አልጠፋ ሲል ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው በዚህ ምክንያት ነው። ፎርሙላው የሚከተለውን መልክ መያዝ ይኖርበታል፤ ይህ መልክ ባዶ ቦታ ላለውም ለሌለውም ስም ስለሚሠራ ከመጀመሪያውም እንዲህ መጻፉ ይመረጣል፦

```
=INDIRECT("'"&A2&"'!E40")
```

በአማርኛ ስም የሚሠሩ ሰዎች የሚገጥማቸው ሌላም ችግር አለ። ለአንባቢ «ሐምሌ» እና «ሀምሌ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሐ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ኅዳር እና ህዳር፣ ታኅሣሥ እና ታህሳስም እንዲሁ። ታቡን አንድ ሰው በአንዱ ፊደል ሰይሞት ማጠቃለያውን ሌላው በሌላው ከጻፈ፣ ስሞቹ በዓይን ሲታዩ ትክክል ሆነው ሳለ ፎርሙላው ሺቱን አያገኝም። ከታቡ ላይ ስሙን ገልብጦ A2 ላይ መለጠፍ ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል።

#REF! ዓይን ስለሚስብ ተገኝቶ ይታረማል። የበለጠ ጉዳት የሚያመጣው ስህተቱ ሲሸፈን ነው። ማጠቃለያው እንዳይበላሽ ሲባል ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=IFERROR(INDIRECT("'"&A2&"'!E40"),0)
```

የሐምሌ ወጪ 184,500 ብር፣ የነሐሴ 201,300፣ የመስከረም 167,200 ቢሆን የሩብ ዓመቱ ድምር 553,000 ብር ነው። የሐምሌ ሺት ስም ተቀይሮ A2 ካልተነካ፣ IFERROR ስህተቱን በዜሮ ይተካዋል፤ ድምሩም 368,500 ብር ይሆናል። ቀይ ምልክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ሪፖርቱ አንድ ወር ጎድሎበት ይወጣል። በዜሮ ፋንታ «ሺቱ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ማስገባት እጅግ የተሻለ ነው፤ SUM ጽሑፉን ቢያልፈውም እንኳ ሰው በረድፉ ላይ ያነበዋል።

ሁለተኛው ዝምተኛ ስህተት አዲስ ዓመት ሲገባ ይመጣል። የዓምናው «ሐምሌ» ሺት «ሐምሌ 2016» ተብሎ ይሰየምና ቅጂ ይወጣለታል፤ ቅጂው ከዓምናው ቁጥር ጸድቶ «ሐምሌ» ይባላል። አሁን በፋይሉ ውስጥ ሁለት ሺቶች አሉ፣ አሮጌው ስምም ባለቤት ቀይሯል። በቀጥታ የሚጠራው ፎርሙላ ሺቱን ተከትሎ ወደ «ሐምሌ 2016» ስለሄደ የሚያሳየው የዓምናውን ቁጥር ነው። INDIRECT ደግሞ ስሙን ተከትሎ ወደ አዲሱ ሺት ይሄዳል። ሁለቱም ስህተት አያሳዩም፤ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ማጠቃለያው የየትኛው ዓመት ነው የሚለው ነው። ለዘንድሮ ከሆነ ቀጥታ ፎርሙላዎቹ መታረም አለባቸው። የማጠቃለያው ሴሎች ተመርጠው Ctrl+H ይጫንና፣ በመፈለጊያው 'ሐምሌ 2016'! በመተኪያው 'ሐምሌ'! ይገባል። ጥቅሱና ቃለ አጋኖው አብረው መጻፋቸው ትርፍ ነገር አይደለም፤ ፍለጋው የሺት ጥሪዎችን ብቻ እንዲነካና በርዕስ ላይ የተጻፈውን «ሐምሌ 2016» እንዳይለውጥ ያደርጋሉ።

ከስም ቅየራ ጋር የሚምታታው መሰረዝ ነው። አንዳንዱ አሮጌውን ሺት ሰርዞ በዚያው ስም አዲስ ሺት ያስገባል፣ ፎርሙላዎቹም የሚመለሱ ይመስለዋል። ቀጥታ ፎርሙላዎች ግን ሺቱ በተሰረዘበት ቅጽበት =#REF!E40 ሆነው ይቀራሉ፤ በስሙ ሌላ ሺት መምጣቱ አያድናቸውም። በCtrl+H #REF! የሚለውን በ'ሐምሌ'! መተካት ያስተካክላቸዋል፤ የተሰረዘው ሺት ግን አንድ ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ሺቶች ተሰርዘው ከሆነ የትኛው #REF! የየትኛው እንደነበር በፎርሙላው ላይ ስለማይታይ፣ ረድፍ በረድፍ ማረም ግድ ይላል። INDIRECT በተቃራኒው፣ በስሙ አዲስ ሺት እንደመጣ ራሱ መሥራት ይጀምራል።

ስም ከመቀየሩ በፊት በፋይሉ ውስጥ በጽሑፍ የሚጠሩ ፎርሙላዎች መኖራቸውን ማወቅ ይቻላል። Ctrl+F ተጭኖ Options ይከፈታል፤ Within ላይ Workbook፣ Look in ላይ Formulas ይመረጥና INDIRECT ተብሎ Find All ይጫናል። ዝርዝሩ ፎርሙላዎቹ ያሉባቸውን ሴሎች ሁሉ ያወጣል። ወደ ሌላ ሺት የሚወስዱ HYPERLINK ፎርሙላዎችም በተመሳሳይ መንገድ ይፈለጋሉ፣ እነሱም የሺቱን ስም የሚይዙት በጽሑፍ ነውና። ይህ ፍለጋ የማይደርስባቸው ቦታዎች ግን አሉ፤ በCtrl+F3 የሚከፈተው የስሞች ዝርዝር፣ የምርጫ ዝርዝር ያለባቸው ሴሎች ሕግና በሁኔታ የሚቀየር ቀለም ሕግ ለየብቻ መታየት አለባቸው። ማክሮ ያለበት ፋይል ከሆነም በኮዱ ውስጥ በጥቅስ የተጻፈ የሺት ስም አይቀየርም። ከዚህ ሁሉ ጋር የዓመቱን ድምር በወረቀት ወይም በሌላ ሴል ላይ በቁጥር ብቻ መዝግቦ፣ ከስም ቅየራው በኋላ ማመሳከር ከላይ የታየውን የ184,500 ብር ጉድለት በአንድ እይታ ያጋልጣል።

ማጠቃለያው በሌላ ፋይል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጊዜው ወሳኝ ነው። ሁለቱም ፋይሎች ተከፍተው ሳለ ስሙ ከተቀየረ ኤክሴል ቀጥታ ፎርሙላዎቹን በሁለቱም ዘንድ ያስተካክላል። የማጠቃለያው ፋይል ተዘግቶ ከነበረ ግን ስለ ለውጡ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሲከፈትም መጀመሪያ የሚያሳየው ቀድሞ የተቀመጠውን ቁጥር ነው። ይህን ለማረም ሁለቱንም ፋይሎች ከፍቶ፣ አሮጌውን የሺት ስም ከፎርሙላው መስመር እንዳለ ገልብጦ በCtrl+H መተካት ይቻላል። ከመተካት በኋላ ኤክሴል ፋይል ምረጥ የሚል መስኮት ደጋግሞ ካወጣ፣ አዲሱ ስም ከታቡ ጋር አልተመሳሰለም ማለት ነው፤ Esc ተጭኖ የፊደሉ አጻጻፍ መታየት አለበት። ጉግል ሺትስ ላይም ነገሩ ከዚህ አይርቅም፤ ቀጥታ ጥሪዎች ስሙን ይከተላሉ፣ ከሌላ ፋይል የሚያመጣው IMPORTRANGE ግን የሺቱን ስም በጽሑፍ ስለሚይዝ በእጅ ይታረማል።

INDIRECTን መተው የማይቻልበት ፋይል ላይ፣ A2 ላይ ስሙን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከሺቱ ራሱ እንዲነበብ ማድረግ ይቻላል፦

```
=MID(CELL("filename",'ሐምሌ'!A1),FIND("]",CELL("filename",'ሐምሌ'!A1))+1,31)
```

CELL የፋይሉንና የሺቱን ስም አንድ ላይ ይሰጣል፤ የሺቱ ስም የሚመጣው ከ] ምልክት በኋላ ስለሆነ MID ከዚያ ጀምሮ እስከ 31 ፊደል ይቆርጣል። በውስጡ ያለው ጥሪ ቀጥታ ስለሆነ የሺቱ ስም ሲቀየር A2ም አብሮ ይቀየራል፣ INDIRECTም ሺቱን አያጣም። ፋይሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሴቭ መደረግ አለበት፤ A2 ወዲያው ካልታደሰ F9 መጫን ይበቃል።

ወራቱ ተለይተው ለታወቁበት የዓመት ማጠቃለያ ግን የሚመረጠው አሥራ ሁለቱንም ሺቶች በቀጥታ መጥራት ነው። INDIRECT ተገቢ የሚሆነው ተጠቃሚው ከዝርዝር ወር እየመረጠ ቁጥሩን በሚያይበት ሴል ላይ ነው።