«አፍዎን ይክፈቱ» ብቻውን አይበቃም

አንድ ነገር ቀረብ ብዬ ልንገራችሁ። የምሠራው ከአንገት በላይ ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ነርስ ነኝ። ሐኪሙ በአፍንጫ በኩል ወደ ጉሮሮ የሚያስገባውን ቀጭን ካሜራ የማዘጋጀው፣ የታካሚውን ራስ ደግፌ የምይዘው፣ ስክሪኑንም ከሐኪሙ ትከሻ ኋላ ቆሜ የማየው እኔ ነኝ። ድምፃቸው ተሻክሮ ከሚመጡልን ሰዎች መምህራን ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ እኛ ጋ የሚደርሱት ሁለትና ሦስት ቦታ ታክመው፣ ሁለትና ሦስት ዓይነት መድኃኒት ጨርሰው ነው። አንጀቴን የሚበላኝ ግን ይህ ነው፦ በእነዚያ ሁሉ ቦታዎች የድምፅ አውታራቸውን በዓይኑ ያየ ሰው የለም።

«ጉሮሮዬማ ታይቷል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ታይቷል። «አፍዎን ይክፈቱ» ተብለው፣ ምላሳቸው በእንጨት ተጭኖ፣ ባትሪ በርቶባቸዋል። በዚህ መንገድ የሚታየው ግን እንጥልና ቶንሲል፣ ከዚያም የጉሮሮ የኋላ ግድግዳ ነው። የድምፅ አውታሮች ያሉት ከምላስ ሥር በታች፣ የአየር ቧንቧው አፍ ላይ ነው። አፍ የቱንም ያህል ቢከፈት በቀጥታ አይታዩም። የሕያው ሰው አውታር ሲሠራ አጥርቶ በማየት ስሙ የሚጠቀሰው ማኑኤል ጋርሲያ ሐኪም አልነበረም፤ የዘፈን መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወት ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ፣ የፀሐይ ብርሃን በሌላ መስታወት እያንጸባረቀ የራሱን አውታሮች ተመለከተ። ድምፁ የሚያስጨንቀው አንድ መምህር የዚያን ጊዜ የገባውን ነገር ዛሬም ብዙ ታካሚ አይነገረውም፦ አውታርን ለማየት መስታወት ወይም ካሜራ ያስፈልጋል።

ባለፈው ዓመት የመጣች አንዲት መምህርት ከአእምሮዬ አትጠፋም። ስሟም ትምህርት ቤቷም ይቆየን። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ክፍሏ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ። ድምፅዋ ከተሻከረ 11 ሳምንት ሆኖት ነበር። መጀመሪያ ጉንፋን ያዛት፤ ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቃት፣ ድምፁ ግን አልተመለሰም። እረፍት ሳትወስድ ማስተማሯን ቀጠለች። አንድ ቦታ አሞክሳሲሊን ሰጧት፣ ሌላ ቦታ ሌላ አንቲባዮቲክ ሰጧት፣ ሦስተኛው ቦታ ደግሞ «ጨጓራ ነው» ተብላ ኦሜፕራዞል ጀመረች። ቤት ውስጥ ዝንጅብልና ሎሚ በማር እያፈላች ትጠጣ ነበር።

ስትናገር ቃሉ ይጀምርና መሀል ላይ አየር ብቻ ሆኖ ይቀራል። «ሲስተር፣ የልጆቹን ስም እየጠራሁ ስም መጨረስ አቃተኝ» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካንሰር ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ሐኪሙን ሳይሆን እኔን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት «ጠዋት ነው ማታ የሚብስብዎት?» ብሎ ነው። ይህች አጭር ጥያቄ ብዙ ነገር ትናገራለች። ጠዋት ደህና ሆኖ ክፍለ ጊዜ በጨመረ ቁጥር የሚደክም፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ እየባሰ ሄዶ እሑድ የሚሻሻል ድምፅ፣ ከሥራ ጫና የመጣ መሆኑ ያጠራጥራል። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚጎረንን፣ ጉሮሮ ላይ እብጠት ያለ የሚመስል፣ ቶሎ ቶሎ እህ እህ የሚያሰኝ ከሆነ ደግሞ የጨጓራ አሲድ ሌሊት ወደ ላይ እየወጣ ሊሆን ይችላል፤ ቃር ሳይሰማ እንኳ ይህ ይከሰታል። የእሷ ማታ የሚብሰው ነበር። ሐኪሙ ግን በዚህ ብቻ አልፈረደም። ጥያቄው የት እንደሚፈለግ ይጠቁማል እንጂ የታየውን አይተካም።

አፍንጫዋ ውስጥ ማደንዘዣ ነፋሁላትና ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን። ካሜራው ከእርሳስ የቀጠነ ነው። «አይዞዎት፣ ይከነክንዎታል እንጂ አያምም፤ በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱ» አልኳት። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ አውታሮች እንደ ቪ ፊደል ተከፍተው ታዩ። ጤነኛ ሲሆኑ ነጣ ያሉና ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው። «ኢ ይበሉና ያቆዩት» አላት ሐኪሙ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የሚሆነውን ያኔ አየነው፤ ከፊተኛው ሲሶ ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች ነበሩ። ጉብታዎቹ ቀድመው ይነካኩና ከፊታቸውም ከኋላቸውም ክፍተት ይቀራል። ቃሏ መሀል ላይ የሚሾልከው አየር በዚያ ክፍተት ይወጣ ነበር።

ይህ ኖዱል ይባላል። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ዶማ የሚይዝ ሰው መዳፉ እንደሚደድር፣ አውታሩም ሁልጊዜ በሚጋጭበት ቦታ ላይ ይደድራል። የሴት አውታሮች በንግግር ጊዜ በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይጋጫሉ፤ ይህም በደቂቃ 12,000 ጊዜ ማለት ነው። የ60 ልጅ ጫጫታ ለመብለጥ ሲጮህ ግጭቱ ይበረታል። በጉንፋን ያበጠ አውታር ላይ ሲሆን ደግሞ ያው ጩኸት የበለጠ ይጎዳል። የመምህርቷ ችግር የጀመረው ጉንፋኑ ሳይለቃት ባስተማረችበት ሳምንት ነው።

አሁን የጓዳችንን ነገር ልንገራችሁ። «ጨጓራ ነው» የሚለው ቃል እኛ ዘንድም ሳይመዘን የሚነገርበት ጊዜ አለ። በካሜራ አይተን እንኳ የጉሮሮው የኋላ ክፍል ቀላ ካለ አሲድ ነው ማለት ይቀናናል፤ ያ ቅላት ግን ምንም በማያማቸው ሰዎችም ላይ ይታያል። አሲድ ድምፅ አይጎዳም ማለቴ አይደለም፣ ይጎዳል። እንዲያ ሲሆን ራት ከመተኛት 3 ሰዓት ቀደም ብሎ መብላት፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ፣ ቡናና ቃሪያ መቀነስ፣ ሐኪሙ ካዘዘም መድኃኒት መውሰድ ይረዳል። ሎሚና ዝንጅብሉ ግን አሲድ የሚያስቸግረውን ሰው ጉሮሮ ይብስ ያቃጥለዋል። አንቲባዮቲኩም ቢሆን ለኖዱል የሚሠራው ነገር የለም፤ ኖዱል ተሕዋስ የለበትም። ስለዚህ አውታሩ ሳይታይ የሚሰጥ ኪኒን ግምት ነው። በዚህ ግምት መምህርቷ 11 ሳምንት አለፋት።

መምህርቷ በመጣችበት ጠዋት ሌሎች ሁለት መምህራን ነበሩን። የሦስቱንም ድምፅ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙ አንድ ነው ትላላችሁ። አንደኛው ስፖርት አስተማሪ ነው፤ በውድድር ቀን ሲጮህ ድምፁ በድንገት ጠፋ፣ ሲመለስም ሻካራ ሆኖ ቀረ። እሱ ላይ ያየነው በአንድ ወገን ብቻ ያለ ለስላሳ ፖሊፕ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው የሚጀምረው በጩኸት ወቅት ትንሽ የደም ሥር አውታሩ ውስጥ ስትፈነዳ ነው። ፖሊፕ አንዳንዴ በዕረፍት ያንሳል፣ ብዙ ጊዜ ግን በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሌላው ጡረታ የተቃረበ መምህር ነው፤ ለብዙ ዓመታት ሲያጨስ ኖሯል። አንደኛው አውታሩ ላይ ጠርዙ ያልተስተካከለ ነጭ ነገር ነበር፤ ናሙና ተወሰደና ካንሰር ሆኖ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ ያስደነግጣል። ግን የአውታር ካንሰር አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ገና ትንሽ ሳለ ድምፅ ስለሚለውጥ ራሱን ያጋልጣል። በዚያ ደረጃ ከተያዘ በጨረር ወይም በሌዘር አብዛኛው ሰው ይድናል። እሱም በጊዜው ደርሷል።

መምህርቷ ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋትም። ለኖዱል የመጀመሪያው ሕክምና ድምፅ አጠቃቀምን መለወጥ ነው። የንግግርና የድምፅ ቴራፒስት በአገራችን ጥቂት ስለሆነ፣ ባገኘችው ጥቂት ቀጠሮ የተማረችውን ቤቷ ትሠራ ነበር። አንዱ ልምምድ ይህ ነው፦ ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ታደርግና ቀጭን ስትሮ ጫፉን ትነክርበታለች፤ በስትሮው እየነፋች «ኡ» ትላለች። ውኃው ይፍለቀለቃል፤ ወደ ኋላ የሚመለሰው የአየር ግፊት አውታሮቹ ሳይላተሙ እንዲርገበገቡ ይረዳቸዋል። በቀን ብዙ ጊዜ፣ በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ ትሠራዋለች።

ክፍል ውስጥም ነገር ቀየረች። ልጆቹን ዝም ለማሰኘት መጮህ ትታ ሦስት ጊዜ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ልጆቹ መልሰው ያጨበጭቡና ጸጥ ይላሉ። ወደ ሰሌዳ ዞራ መናገር ተወች። ከሁሉ የበለጠ የጠቀማት ግን ወገብ ላይ የምትታጠቀው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ድምፃቸው በታመመ መምህራን ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ፤ ለ6 ሳምንት ማጉያ የተጠቀሙት ድምፃቸው ሲሻሻል፣ «ውኃ ጠጡ፣ አትጩኹ» የሚል ምክር ብቻ የተሰጣቸው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ምክር ብቻ ሰጥተን የምንሸኛቸውን ሳይ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል።

አንድ የተሳሳተችው ነገር ነበር። ድምፅዋን ለማሳረፍ ብላ ቤቷ ስትሆን በሹክሹክታ ታወራ ነበር። ሹክሹክታ ዕረፍት አይደለም፤ ብዙ ሰው ሹክ ሲል ጉሮሮውን ጨምቆ ነው። በለሰለሰ፣ ባልተጨነቀ ድምፅ ማውራት ይሻላል። እህ እህ እያሉ ጉሮሮን መጥረግም አውታሮቹን ማላተም ነው፤ በምትኩ አንድ ጉንጭ ውኃ መዋጥ ይበቃል።

ከሦስት ወር በኋላ ለቀጠሮ መጣች። ካሜራው ሲገባ ጉብታዎቹ አልጠፉም፤ አንሰዋል። «ኢ» ስትል ግን አውታሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመገጣጠም ትንሽ ብቻ ነበር የቀራቸው። ድምፅዋም መሀል ላይ አልተቆረጠም።

ለእናንተ የምለው ይህን ነው። የጉንፋን መሻከር ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። 4 ሳምንት ካለፈው አውታሩ መታየት አለበት። የሚያጨስ ሰው፣ ደም የሚያስል፣ መዋጥ ያቃተው፣ ሲተነፍስ ጉሮሮው የሚጮህ፣ አንገቱ ላይ እብጠት ያለው፣ ወይም እንቅርት በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ወዲህ ድምፁ የተለወጠ ሰው ግን 4 ሳምንት አይጠብቅ። ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ አብረው ካሉ የሳንባ ነቀርሳም ይመርመር፤ ነቀርሳ አውታር ላይም ይወጣል።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ደግሞ ይህን አንድ ጥያቄ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ጉሮሮዬ ታይቷል፤ የድምፅ አውታሬ የሚታይበት ቦታ ይልኩኛል?» መምህርቷ ይህን ጥያቄ በአራተኛው ሳምንት ብትጠይቅ ኖሮ ሰባት ሳምንት ትቆጥብ ነበር።