ሚዛኑ ያልነገረን፣ ሜትሩ የነገረን

ከመምህራኖቻችን አንዱ ለአሥር ዓመት ያህል ክብደቱ ከ68 ኪሎ ፈቀቅ አላለም። በካርቱም በሰፈሩ ፋርማሲ ሚዛን ላይ በወጣ ቁጥር ያንኑ ስለሚያይ «እኔ ምንም የለብኝም» ይለን ነበር። ዘንድሮ በመምህራን ክፍል ውስጥ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገባችንን ስንለካካ ግን የእሱ 96 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የደሙ ስኳር ከፍ ብሎ ተገኘ። ኪሎው ሳይጨምር ይህ እንዴት ሆነ?

ሚዛን የሚነግረን ጠቅላላውን ክብደት ብቻ ነው፤ ጡንቻውን ከስቡ አይለይም። ዕድሜ ሲገፋና እንቅስቃሴ ሲቀንስ ጡንቻ ይሳሳል፤ በምትኩ ስብ ሲጨምር ኪሎው ባለበት ይቆያል።

ስቡ የተቀመጠበት ቦታም ወሳኝ ነው። ከዳሌና ከጭን ቆዳ ሥር ያለው ስብ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ሆድ ውስጥ በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ግን ቅባቱን በደም ሥር በቀጥታ ወደ ጉበት ይልካል። ያን ጊዜ ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዙን ይቀንሳል፤ ስኳርም በደም ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ቦርጭን የምቾት ምልክት አድርገን ማየታችን ያሳስተናል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው «ኢንተርኸርት» የተባለው ጥናት በ52 አገሮች 27,000 ያህል ሰዎችን መርምሮ፣ ክብደትን ከቁመት ጋር ከማነጻጸር ይልቅ ወገብን ከዳሌ ጋር ማነጻጸር የልብ ጥቃት አደጋን በተሻለ እንደሚጠቁም አሳይቷል።

አለካኩ ቀላል ነው። ልብስን ገልጦ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት በላይ ያለውን መካከል ማግኘት፣ ሜትሩን ሳያጠብቁ በዙሪያው ማዞር፣ ከዚያ ትንፋሽን እንደ ወትሮው አውጥቶ ማንበብ ነው። ሆድን መሳብ ራስን ማታለል ነው። የሱሪ ቁጥርም አያስተማምንም፤ ቀበቶ ከቦርጭ ሥር ስለሚታሰር ሆድ እያደገ ቁጥሩ ላይለወጥ ይችላል።

ለማስታወስ የሚቀለው መለኪያ ወገብ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ ነው። የባልደረባችን ቁመት 170 ስለሆነ ግማሹ 85 ነው፤ በ11 አልፎታል። በቁመት እኩያው የሆነው የጥበቃ ሠራተኛችን 78 ኪሎ ይመዝናል፤ ወገቡ ግን 82 ነው። ሚዛን ብቻ ብናይ የምንሰጋው ለእሱ ነበር።

ሜትር በሽታን አይመረምርም፤ «ስኳርህንና የደም ግፊትህን ተመርመር» ይላል እንጂ። ለነፍሰ ጡር፣ እንዲሁም ሆዱ ውኃ ለቋጠረ ሕመምተኛ አያገለግልም። ሚዛንም አይጣልም፤ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ኪሎን የሚያሳየን እሱ ነው።

ባልደረባችን ዛሬ ማታ ማታ በእግሩ ይሄዳል፤ የሻዩንም ስኳር ቀንሷል። ኪሎው የቀነሰው በሁለት ብቻ ነው። ወገቡ ግን 92 ደርሷል፤ ሰባት ይቀረዋል።