ቴስተሯ ስትለቅ ምን ጽፋ ትሂድ?

ዲቨሎፐር ሥራ ሲለቅ ቢያንስ ኮዱ ይቀራል። ቴስተር፣ ማለትም መተግበሪያው ለተጠቃሚ ከመድረሱ በፊት እየሞከረ ስህተት የሚፈልግ ባለሙያ፣ ሲለቅ ግን ከሚያውቀው አብዛኛው የትም ሳይጻፍ አብሮት ይወጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ጊዜው በቂ ይመስላል፤ ነገር ግን የዕለት ሥራው ስለማይቆም የርክክብ ሰነዱ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ዓርብ ከሰዓት በጥድፊያ ይጻፋል።

በጥድፊያ የተጻፈ ሰነድ ያልተዘጉ ባጎችን ከቲኬት መመዝገቢያው ገልብጦ ያሰፍራል። ይህ ለተተኪው ምንም አይጨምርለትም፤ ዝርዝሩን ራሱ ከፍቶ ያየዋል። የሚፈልገው ቲኬቱ ላይ የሌለውን ነው።

አንድ የብድር መተግበሪያ እንውሰድ። ቀኑን በውስጡ የሚይዘው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ለተበዳሪው ግን ወደ እኛ ቀይሮ ያሳያል። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ማለት ነው። ቀጣዩ 2019 ነው። ኮዱን የጻፈው ሰው ግን እንደ ፈረንጆቹ ለ4 እኩል የሚካፈለውን ዓመት ወሰደና ስድስተኛዋን ቀን ለ2020 ሰጣት። በዚህ ስሌት 2020 አንድ ቀን ቀድሞ ይገባል፤ ዓመቱን ሙሉም የሚታየው ቀን ከእውነተኛው በአንድ ይበልጣል። ክፍያው መስከረም 10 መሆን ሲገባው ስልኩ ላይ መስከረም 11 ይላል። ተበዳሪው የግድግዳ ካላንደሩን እያየ በ11 ይመጣል፤ ሲስተሙም አንድ ቀን አሳልፈሃል ብሎ ይቀጣዋል። በ2020 መጨረሻ የሌለችው ጳጉሜ 6 ትቆጠርና ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ባጉ የሚኖረው በዘመነ ዮሐንስ ብቻ ነው።

ቴስተሯ አገኘችው፣ መዘገበችው። ዲቨሎፐሩ በ2018 ቀን ሞክሮ ልክ ሆኖ ስላገኘው “Cannot Reproduce” ብሎ ዘጋው። እሷ ደግሞ እንደገና ከፈተችው። በዚህ መሐል ከለቀቀች ተተኪዋም በያዝነው ዓመት ቀን ሞክሮ፣ ልክ ነው ብሎ፣ ዳግም ይዘጋዋል። ስለዚህ ሰነዱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መስፈር አለበት፦ “በ2020 ካልሆነ በቀር አይታይም። ከጳጉሜ 6 ቀን 2019 እስከ ጳጉሜ 2020 ባለው ቀን ሞክሩት። በ2018 የተሰጠ የሁለት ዓመት ብድር እዚያ ይደርሳል። ዲቨሎፐሩ ምክንያቱን ገና አልተቀበለም።” የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቲኬት ላይ አትጻፍም፤ ለተተኪው ግን ከሁሉ የምትጠቅመው እሷ ትመስለኛለች።

ወደ መሞከሪያ ንብረቶቹ ስንመጣ፣ ፋይሎቹ የት እንዳሉ መናገር ቀላል ነው። የሚረሳው የትኛው እንደሚታመን ነው። በየሌሊቱ በራሳቸው ከሚሮጡት ሙከራዎች አንዳንዶቹ ቀይ የሚያሳዩት መተግበሪያው ተበላሽቶ ሳይሆን የመሞከሪያው ኤስኤምኤስ ስለማይሠራ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚብሰው አረንጓዴ የሚያሳየው ነው፦ አንድ ቀን ስላስቸገረ ማረጋገጫው መስመር ለጊዜው ተብሎ ወጥቷል፤ ሙከራው አሁን ምንም ሳይፈትሽ ያልፋል። ይህን ከለቃቂዋ በቀር የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። የሙከራ ደንበኞቹም እንዲሁ ናቸው። ውዝፍ ያለበትን ደንበኛ ለማዘጋጀት ብዙ ደረጃ ማለፍ ስለሚጠይቅ፣ ተተኪው ሳያውቅ ዕዳውን ከፍሎ ከዘጋው ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ፓስዎርድ ሰነዱ ላይ አይጻፍም። የሚጻፈው መግቢያው የት እንደተቀመጠና ማን እንደሚፈቅድ ነው። በዚህ በኩል ርክክብን የሚያበላሸው ከሰው ጋር የታሰረ ነገር ነው። የመሞከሪያው ሰርቨር የማረጋገጫ ኮዱን የሚልከው ወደ ቴስተሯ የግል ስልክ ከሆነ፣ ቁጥሩ ሳይቀየር ከሄደች ተተኪው በር ላይ ይቀራል። የሌሊቱ ሙከራም በእሷ አካውንት የሚሮጥ ከሆነ፣ አይቲ ክፍሉ አካውንቷን በዘጋበት ሌሊት ይቆማል። ሲቆም ቀይ አያሳይም፤ ሪፖርት አይመጣም፣ ቡድኑም ሰላም ነው ብሎ ያድራል።

እነዚህን ለማግኘት የተሻለው ዘዴ ከመውጫዋ ሳምንት በፊት ተተኪው በራሱ ላፕቶፕና በራሱ አካውንት፣ ሰነዱን ብቻ ይዞ፣ ከመግባት ጀምሮ ያንን የ2020 ባግ እስከማሳየት እንዲሄድ ማድረግ ነው። እሷ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ አትናገርም። ሊጠይቃት የተገደደበት ቦታ ሁሉ ሰነዱ ላይ የጎደለ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እዚያው ይጨመራል። አይቲ ክፍሉም ከመጨረሻው ቀን አስቀድሞ አካውንቷን ለአንድ ሌሊት ቢያግደው ጥሩ ነው፤ ጠዋት ላይ የመጨረሻው ሙከራ የሮጠበትን ቀን ማየት በቂ ነው፤ የትናንት በስቲያ ከሆነ አሁንም ከእሷ ጋር የታሰረ ነገር አለ።