«ሲያድግ ይከፈትለታል»፦ የወደቀ የዐይን ቆብ፣ ተረቱና እውነታው

አምቦም ሆነ ጉደር ወይም ጌዶ፣ አንድ ዐይኗ ግማሽ የተከደነ ሕፃን ሲያዩ ሰዎች «ግድ የለም፣ ስታድግ ይከፈትላታል» ይላሉ። ቃሉ እናትን ለማጽናናት የሚባል ነው። ይሁንና በዚህ ጉዳይ ከሚነገሩት እምነቶች ሁሉ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ይመስለኛል።

አብሮ የተወለደ የቆብ መውደቅ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የላይኛውን ቆብ የሚስበው ጡንቻ ከማኅፀን ጀምሮ በደንብ ሳይሠራ ስለቀረ ነው። በጡንቻው ቦታ የሚገኘው በአብዛኛው መኮማተር የማይችል ጠንካራ ክርና ስብ ነው። ይህ በዕድሜ ብዛት ጡንቻ አይሆንም። እንደማይኮማተር ሁሉ አይላላም፤ ስለዚህ ልጅቷ ወደ ታች ስታይ የታመመው ቆብ ከጤነኛው ከፍ ብሎ ይቀራል። ይህን ቤት ውስጥም ማየት ይቻላል። ታዲያ «ተሻላት» የሚባለው ለምንድን ነው? ልጅ ስታድግ ቅንድቧን ሽቅብ መሳብና አገጯን ቀና አድርጋ ማየት ስለምትለምድ ነው።

አገጭ ማንሳቱ ወላጆችን ያስጨንቃል፤ ግን ልጅቷ በዚያ ዐይን ለማየት እየታገለች መሆኗን ይናገራል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንድ ዐይኗ ተሸፍኖ ሳለ ቀና ለማለት የማትሞክረው፣ ወይም ትሞክር የነበረና የተወችው ናት። አእምሮዋ ያንን ዐይን እየተወው ሊሆን ይችላል። አእምሮ ማየትን የሚማረው እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ገደማ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጥርት ያለ ምስል ያልደረሰው ዐይን፣ ቆቡ በኋላ ቢነሣ እንኳ ብዙ ጊዜ በደንብ አያይም። ብሌኑ ሳይሸፈንም የቆቡ ጫና የዐይኑን ፊት ቅርጽ አዛብቶ ምስሉን ሊያደበዝዘው ይችላል፤ ያኔ መነጽር ያስፈልጋል።

የሦስት ዓመት ልጅ ከጉደር መጣች እንበል። ሐኪሙ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ዐይን ለየብቻ ይመረምራል። ከዚያ ግንባሯ እንዳያግዛት ቅንድቧን በአውራ ጣቱ ይዞ፣ መጀመሪያ ወደ ታች ቀጥሎ ወደ ላይ እንድታይ ያደርግና ቆቡ የተጓዘውን በማስመሪያ ይለካል። ጤነኛ ቆብ ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ይጓዛል። የእሷ 7 ወይም 8 ቢሆን ጡንቻው እንዲያጥር ተደርጎ ይስተካከላል። 3 ብቻ ከሆነ ግን ማሳጠሩ እምብዛም አይረዳትም፤ ስለዚህ ቆቡ ከጭኗ በተወሰደ ቀጭን ጅማት ወይም በሲሊኮን ክር ከግንባሯ ጡንቻ ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ቆቡን የሚያነሣው ግንባሯ ነው።

ጊዜውን የሚወስነው ብሌኑ ነው። ብሌኑ ከተሸፈነ ልጁ ዓመት ያልሞላው ቢሆንም ቀዶ ሕክምናው አይዘገይም። ብሌኑ ክፍት ሆኖ እይታው እኩል እያደገ ከሆነ፣ በየጥቂት ወሩ እየታየ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዕድሜው ድረስ መቆየት ይችላል። የሕፃናት ቀዶ ሕክምና በሙሉ ማደንዘዣ ስለሚሠራ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዐይን ክፍል፣ ሪፈር ሊጻፍ ይችላል።

«ጤና ጣቢያ ቆብ ይቀደዳል፤ እዚያው ይሠራላት» የሚሉም አሉ። እዚያ የሚሠራው በትራኮማ ጠባሳ ወደ ውስጥ የታጠፈን ቆብ የሚመልስ፣ ሽፋሽፍቱ የዐይኑን ፊት እንዳይፍቅ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ነው። የወደቀ ቆብ አያነሣም።

«ምች ነው» ተብሎ ቅንድብ የሚበጣም አለ። በዚህ ስም የሚጠራው ፊትን የሚያጣምመው ሕመም ዐይን እንዳይከደን ያደርጋል፤ ይሄኛው ደግሞ እንዳይከፈት። ብጣቱ ለሁለቱም አይረዳም፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ የሚተወው ጠባሳም ያለው ኋላ ክሩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው።

«አዋቂ ላይ ሲሆን እርጅና ነው» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። በዕድሜ ብዛት የጡንቻው ጅማት ከቆቡ ላይ ስለሚላቀቅ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ቆቦች ቀስ በቀስ ይወርዳሉ፤ ላይኛውን እይታ ሲከልሉ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና እንዲጠብቅ ይደረጋል። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ የሚወርድ፣ ነገሮችን ሁለት አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ ግን የጡንቻ ድካም ሕመም ሊሆን ስለሚችል ከቢላዋ በፊት መድኃኒት ይሞከራል። ቆቡ በድንገት ወድቆ ብርቱ ራስ ምታት ካለበት፣ ወይም የዚያኛው ዐይን ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ከታየ፣ አንጎል ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ሊሆን ይችላል። ያኔ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይገባል።

ከጉደር የመጣችው ልጅ ክሩ ከገባላት በኋላ ስትተኛ ዐይኗ በትንሹ ክፍት ይሆናል። ቤተሰብ ይህን አይቶ «ተበላሸ» ይላል፤ ግን የሚጠበቅ ነው። ዐይኗ እንዳይደርቅ ማታ ቅባት ይደረግላታል። ከቀላ፣ ካመማት ወይም ብርሃን ከሸሸች ቶሎ ትመለስ። ያ ዐይን ደክሞ ከተገኘ ደግሞ ጤነኛው በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት ይሸፈናል፤ ይህ ለወራት ይቀጥላል።