የሐሙሱን እጥበት ማን ይከፍላል?

በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በር፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳና በየሰዉ ስልክ ላይ የሚዘዋወሩ የእርዳታ ጥሪዎችን ያነበበ ሰው የሚከተለውን አንቀጽ ያውቀዋል። የአንድ ሰው ጽሑፍ አይደለም፤ በተደጋጋሚ ከሚታዩት ተውጣጥቶ ለማሳያ የተዘጋጀ ነው።

«ወገን ሆይ! አንዲት ምስኪን እናት በሞት አፋፍ ላይ ሆና የእርስዎን እጅ እየጠበቀች ነው። በአገራችን ሚሊዮኖች በኩላሊት ሕመም እየረገፉ ነው። ዛሬ ካልደረሱላት ነገ የለችም፤ ሦስት ሕፃናት ልጆቿም ጎዳና ላይ ይበተናሉ። እርስዎ ለአንድ ማኪያቶ የሚያወጡት ገንዘብ የእሷ እስትንፋስ ነው። ይህን አንብበው ዝም ካሉ ሕሊናዎ እንዴት ያሳርፍዎታል?»

ይህን የጻፈው ሰው ክፉ አይደለም። እኅቱ ወይም ጎረቤቱ ታማበት ጨንቆታል፤ የሚያውቀው የልመና ቋንቋም ይኸው ነው። ነገር ግን ከአንቀጹ ውስጥ «ምስኪን»፣ «በሞት አፋፍ»፣ «እየረገፉ» የሚሉትን ቃላት አውጥተን የቀረውን ብናይ፣ በእጃችን የሚቀረው አንዲት የኩላሊት ሕመምተኛና ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው። ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት፣ ለምን እንደሚያስፈልጋት፣ እስከ አሁን ማን እንደረዳት፣ ገንዘቡም ለማን እንደሚደርስ አናውቅም። አንባቢው እንዲያለቅስ ተጠይቋል እንጂ ምንም አልተነገረውም። በእኔ እምነት የጥፋተኝነት ስሜትና ማጋነን ወደ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚገቡት ጸሐፊው ያልጠየቀው ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ ማሻሻያው ቃላት ከመለወጥ አይጀምርም፤ ወደ ታካሚዋ ተመልሶ ከመጠየቅ ይጀምራል።

አብረን እንጠይቅ። ሰዎቹም ሆኑ የብሩ መጠን ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፤ የሕክምናው ሁኔታ ግን እውነተኛ ነው።

መጀመሪያ ስለ ልጆቹ። አባት አላቸው? አላቸው፤ ሥራም አለው። እንግዲያው ጎዳና ላይ አይበተኑም። ይህ ዓረፍተ ነገር ከመውጣቱ በላይ፣ አባትየውን በጎረቤት ፊት እንደሌለ አድርጎ ማቅረቡ በራሱ በደል ነው። ቀጥሎ «ሚሊዮኖች» የሚለው። የኩላሊት ሕመም ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ያሉ ብዙ ሰዎች መታመማቸውን እንኳ ሳያውቁ ለዓመታት ይኖራሉ። እጥበት የሚያስፈልገው ኩላሊቱ ሥራውን ወደ ማቆም የደረሰው ሕመምተኛ ነው፤ ቁጥሩም ከጠቅላላው እጅግ ያነሰ ነው። ሁለቱን መደባለቅ ማጋነን ነው፤ ለእሷም የሚጨምርላት ነገር የለም።

«ዛሬ ካልደረሱላት ነገ የለችም» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ጉዳት ያመጣል። አደጋው እውነት ነው፤ እጥበት የሚቋረጥበት ሕመምተኛ በሕይወት አይቆይም። ነገር ግን ይህችን ሴት የሚያክማት ሐኪም «ነገ» በሚለው ቃል ላይ ይፈርማል? አይፈርምም። አንባቢው ያንኑ ጥሪ ከወር በኋላ እንደገና ሲያየው ደግሞ ከሁለት አንዱን ያስባል፤ ወይ ዋሽተውኛል፣ ወይ ሞታለች። በሁለቱም መንገድ ቀጣዩ ታካሚ የሚለምነው ሰው ያጣል። እንግዲህ ሐኪሙ የሚፈርምበትን እንፈልግ።

የኩላሊት እጥበት በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ እያንዳንዱ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በአገራችን ብዙ ታካሚዎች ከክፍያው ክብደት የተነሣ ወደ ሁለት ዝቅ ያደርጉታል። የእኛም ታካሚ እንዲሁ ናት እንበል። የታዘዘላት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሲሆን የምትታጠበው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። በመካከል ባሉት ሦስት ቀናት ኩላሊት ማስወጣት የነበረበት ውኃ በሰውነቷ ይጠራቀማል፤ እግሯ ያብጣል፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ዓርብ ሌሊት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ታድራለች። ይህ «በሞት አፋፍ» ከሚለው የበለጠ ልብ ይነካል፤ ምክንያቱም አንባቢው ሊያየው ይችላል። የጎደለውም ምን እንደሆነ በትክክል ያሳያል፤ የጎደለው የሐሙሱ ነው።

አሁን አንቀጹ ከነገሩ ውስጥ ይወጣል።

«ይህች የ41 ዓመት ልብስ ሰፊ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሐኪሟ በሳምንት ሦስት ጊዜ እንድትታጠብ አዝዞላታል። የማክሰኞውን ባለቤቷ፣ የቅዳሜውን እኅቶቿና የሥራ ባልደረቦቿ ይከፍላሉ፤ የሐሙሱን የሚከፍል አልተገኘም። በዚህም ምክንያት ዓርብ ሌሊት ሲደርስ በሰውነቷ የሚጠራቀመው ውኃ ትንፋሽ ስለሚያሳጥራት ተቀምጣ ታድራለች። ወንድሟ ኩላሊቱን ሊሰጣት ፈቅዷል፤ ምርመራቸው ገና ስላላለቀ ንቅለ ተከላው ይሳካል ብለን አሁን ቃል መግባት አንችልም። እስከዚያው የስድስት ወር ሐሙሶችን፣ 26 እጥበት ማለት ነው፣ ለመሸፈን 78,000 ብር ያስፈልጋል። 3,000 ብር የአንድ ሐሙስ ክፍያ ነው፤ ከዚያ ያነሰውም ከሌሎች ጋር ተደምሮ አንድ ሐሙስ ይሆናል። ክፍያው በቀጥታ ለእጥበት ማዕከሉ ይገባል፤ ደረሰኙን በየወሩ መጨረሻ እናሳያለን። ገንዘብ ቢተርፍ በዚያው ማዕከል ላሉ ሌሎች ታካሚዎች ይውላል። መርዳትም አለመርዳትም የእርስዎ ምርጫ ነው፤ ጊዜ ወስደው ስላነበቡልን እናመሰግናለን።»

ከመጀመሪያው ይረዝማል። መርዘሙ ግን አያስፈራኝም፤ አንባቢን የሚያሰለቸው አዲስ ነገር የማይነግረው ዓረፍተ ነገር ነው። እዚህ ያለው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሊሰጥ የሚያስብ ሰው በልቡ የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ ይመልሳል።

በተለይ «የማክሰኞውን ባለቤቷ» የሚለውን ልብ ይሏል። ብዙ ጸሐፊዎች ሌሎች መርዳታቸውን ይደብቃሉ፤ ችግሩ የቀለለ ይመስልብናል ብለው ይፈራሉ። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ቤተሰቧ አቅሙ እስከሚችለው እንደሄደና የት ላይ እንዳቃተው የሚያይ አንባቢ፣ እርሱ የሚሰጠው በትክክል ምን እንደሚሞላ ያውቃል። ማኪያቶውም ያለ ምክንያት አልወጣም። አንባቢው ለራሱ የሚያደርጋትን ትንሽ ነገር ወንጀል ያስመስላል፤ ሒሳቡም ውሸት ነው፤ በማኪያቶ ዋጋ የሚከፈል እጥበት የለም።

ቁጥርን በተመለከተ ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎውንስታይንና ፖል ስሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት ለእኛ በተለይ ይመለከተናል። አሜሪካ ውስጥ መጠይቅ ለሞሉ ሰዎች 5 ዶላር ከተከፈላቸው በኋላ ከዚያ ላይ እንዲለግሱ ተጠየቁ። አንዱ ቡድን ስለ ሮኪያ፣ ስለ አንዲት የሰባት ዓመት የማሊ ልጅ፣ አነበበ። ሌላው ስለ አፍሪካ ረኃብ የሚናገሩ ቁጥሮችን አነበበ፤ ከእነዚህም አንዱ በኢትዮጵያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ይፈልጋል የሚል ነበር። ስለ ሮኪያ ያነበቡት በአማካይ 2 ዶላር ከ38 ሳንቲም ሲሰጡ፣ ቁጥሩን ያነበቡት 1 ዶላር ከ14 ሳንቲም ሰጡ። ሁለቱንም በአንድነት ያነበቡት ደግሞ 1 ዶላር ከ43 ሳንቲም ብቻ። የሚሊዮኖቹ ቁጥር ከልጅቷ ጎን ሲቀመጥ የልጅቷን ጉልበት ቀነሰው። በእኛ አንቀጽ ውስጥ 26 እና 78,000 የቀሩት የችግሩን ስፋት ስለሚናገሩ ሳይሆን ሥራው የት ላይ እንደሚያልቅ ስለሚናገሩ ነው።

ይህ ግኝት ግን አደጋም አለው። ብዙ ታካሚዎችን የሚረዳ ድርጅት የአንዷን ታሪክ ጽፎ ገንዘቡን ወደ ጋራ ሣጥን ካስገባ፣ ሰጪው ለእሷ የሰጠ ይመስለዋል። እንዲህ ሲሆን አንቀጹ «ገንዘቡ ለእሷና በማዕከላችን ለሚታከሙ ሌሎች ይውላል» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት፤ በትንሹ ፊደል ከግርጌ ሳይሆን እዚያው ልመናው ውስጥ።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር፣ «የእርስዎ ምርጫ ነው» የሚለው፣ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ኒኮላ ጌገንና አሌክሳንድር ፓስኳል በ2000 ባሳተሙት ሙከራ፣ ለአውቶቡስ ሳንቲም ሲጠየቁ ከሰጡት መንገደኞች ድርሻ ከመቶ 10 ነበር፤ «ለመስጠትም ላለመስጠትም ነጻ ነዎት» የሚል ሲጨመርበት ወደ 47 ተኩል ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ግን ውጤቱ ሰውየው እዚያው ወዲያው በማይወስንበት ጊዜ እንደሚደክም ታይቷል። ስለዚህ በተለጠፈ ወይም በተላከ ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ዝላይ አልጠብቅም። ዓረፍተ ነገሩን የማስቀምጠው አንባቢው ሳይሰጥ ቢያልፍም ወደሚቀጥለው ጥሪ አንገቱን ሳይደፋ እንዲመጣ ስለምፈልግ ነው።

እኛ ደግሞ የዚህን ነገር ሌላኛውን ወገን እናውቀዋለን። በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኮረም የወጣው የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አነሣሥቶ ብዙ እርዳታ አስገኝቷል፤ ሕይወትም አትርፏል። የዚያ ዘመን የልመና ምስሎች ግን ስም የሌላቸው፣ ከአጥንትና ከዝንብ በቀር ምንም የማይነግሩ ሆነው ለዓመታት ተከትለውናል። አውሮፓ ውስጥ የሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶች ራሳቸው በ1989 ስለ ምስሎችና መልእክቶች የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡት በዚህ ዓይነቱ አቀራረብ ላይ በተነሣ ትችት ነው። ያ ምስል ያመመው ሰው የጎረቤቱን ሕመም በዚያው ዓይነት ሲጽፍ ማየት ያሳዝነኛል።

ስለዚህ አንቀጹ ከመውጣቱ በፊት ለታካሚዋ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብላት። ፈቃዷን መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን «ተስማምተሻል?» ብሎ ማስፈረም በቂ አይደለም። ስታዳምጥ ፊቷን ማየት ያስፈልጋል። ምናልባት የባለቤቷ ክፍያ እንዳይጠቀስ ትፈልግ ይሆናል፤ ምናልባት ተቀምጣ ማደሯን ልጆቿ እንዲያነቡት አትፈልግም። በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ያለውን «ምስኪን» ፊት ለፊቷ ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ያፈርንበት ቃል እሷ ሳትናገርም ይሰረዝ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ገንዘቡ ላይሞላ ይችላል። የሚያስጮኸው ጽሑፍ በመጀመሪያው ሳምንት የበለጠ የሚሰበስብበትም ጊዜ አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። ፈተናው የሚመጣው በሦስተኛው ወር ነው። ግማሹ ብቻ ቢገባ ሁለተኛው መልእክት ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ ሰው ይገፋፋል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «እስከ ዛሬ 39,000 ብር ደርሶናል፤ 13 ሐሙሶች ተሸፍነዋል፤ ደረሰኞቹ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። የወንድሟ ምርመራ አላለቀም። 13 ሐሙሶች ይቀራሉ።»