ሩዝ ስንት ውሃ ይፈልጋል?

ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ ሁለት ብርጭቆ ውሃ። ሩዝ መቀቀል ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው። ለአንድ ብርጭቆ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። እንግዳ ሲበዛ ግን አራት ብርጭቆ ሩዝ በስምንት ብርጭቆ ውሃ ይጣድና ላቁጦ ገንፎ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥፋቱ በሩዙ ይላከካል። ስህተቱ ግን ከስሌቱ ነው።

ድስት ውስጥ የሚጨመረው ውሃ ሁለት ቦታ ይሄዳል። ከፊሉን ሩዙ ይጠጣዋል፣ ከፊሉ ተንኖ ይወጣል። ረጅሙ ነጭ ሩዝ ለመብሰል የሚጠጣው ከራሱ መጠን ጋር የሚቀራረብ ውሃ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ሩዝ አንድ ብርጭቆ ገደማ። ይህ ክፍል ከሩዙ ጋር ይጨምራል። በእንፋሎት የሚሄደውን የሚወስኑት ግን የድስቱ ስፋት፣ የክዳኑ ግጥምጥምነት፣ የእሳቱ ኃይልና የመቀቀያው ጊዜ ናቸው። ሩዙ እጥፍ ስለሆነ እሱ እጥፍ አይሆንም።

ስለዚህ የተሻለው ስሌት ሩዙን የሚያህል ውሃ ለክቶ፣ በላዩ ላይ ለእንፋሎት የሚሆን አንድ ብርጭቆ ገደማ መጨመር ነው። ሁለት ብርጭቆ ሩዝ ሦስት ብርጭቆ ውሃ፣ አራት ብርጭቆ ሩዝ አምስት ብርጭቆ ውሃ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ የእንፋሎቱን ድርሻ በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሩዙ በዚህ ሙቀት ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ በቆየ ቁጥርም ብዙ ውሃ ይተንናል። ዱባይ ያለች እህት የምትነግረን ልክና ደቂቃ አዲስ አበባ ላይ ሩዙን ጥሬ የሚያስቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ብርጭቆ ሩዝ እንጣድ። ሩዙ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ውሃውን ነጭ የሚያደርገው ከፍሬዎቹ ላይ የሚለቀቀው ስታርች ነው፤ ካልታጠበ ፍሬዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃል። ከታጠበ በኋላ በደንብ መጥለል አለበት፤ አለበለዚያ የተረፈው ውሃ ልኩን ያዛባል። ከዚያ ሦስት ብርጭቆ ውሃ፣ ጨውና አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ በኃይለኛ እሳት መጣድ ነው። ሲንተከተክ አንዴ ብቻ ከሥር ያማስሉት፣ ክዳኑን ይግጠሙ፣ እሳቱንም እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጉ።

ብዙ ሩዝ የሚያርረው እዚህ ላይ ነው። ቡታጋዝ ወዲያው ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ማዞሪያው ቢመለስም ለደቂቃዎች እንደጋለ ይቆያል፤ ከላይ ያለው ፍሬ ሳይበስል የሥረኛው ውሃ ያልቃል። ምድጃው ባለሁለት ከሆነ ሌላኛውን ቀደም ብሎ በዝቅተኛ ሙቀት ለኩሶ ድስቱን ወደዚያ ማዛወር ይቻላል። ባለአንድ ከሆነ ድስቱን ምድጃው እስኪበርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ማውረድ ነው። በከሰል የሚያበስል ሰው ፍሙን በትኖ ጥቂቱን ብቻ ከሥሩ ይተዋል።

ከተከደነ በኋላ አዲስ አበባ ላይ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ቆላ ላይ 15 ይበቃል። በዚህ መሐል ክዳኑ አይከፈት፤ በተከፈተ ቁጥር ለሩዙ የታሰበው እንፋሎት ይወጣል። መድረሱን በጆሮ ማወቅ ይቻላል። የመንተክተኩ ድምፅ ይጠፋል፤ ድስቱን ዘንበል ቢያደርጉትም ከሥሩ የሚንቀሳቀስ ውሃ አይሰማም።

አሁን ድስቱ ከምድጃው ይወርዳል እንጂ አይከፈትም። ለ10 ደቂቃ እንደተከደነ መቀመጥ አለበት፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምቆመው ለዚህ ነው። ሩዙ ሲወርድ ፍሬው ላዩ እርጥብ፣ ልቡ ደረቅ ያለ ነው፤ የሥረኛውም ከላይኛው ይረጥባል። ተከድኖ ሲቆይ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይገባና ይዳረሳል። ጥቂት ሲቀዘቅዝም ፍሬው ይጠነክራል፤ ሹካ ሲገባበት አይሰበርም። ከክዳኑ ሥር ንጹሕ ፎጣ ቢደረግ የሚንጠባጠበውን ውሃ ይይዛል። ጫፎቹን ግን ከእሳት ያርቁ።

ውሃው አልቆ ፍሬው ጥሬ ከሆነ ሦስት ማንኪያ የፈላ ውሃ ረጭቶ፣ ከድኖ፣ በዝግታ ለ5 ደቂቃ መመለስ ነው። በስሎ ውሃ ከተረፈው ክዳኑን አንስቶ በትንሽ እሳት ማትነን ይቻላል። ካረረ ፈጽሞ አያማስሉት፤ የላይኛውን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡ።

በሚቀጥለው ጊዜ ድስቱን፣ ምድጃውንና የሩዙን ዓይነት ሳይቀይሩ ውሃውን ብቻ ሩብ ብርጭቆ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። ልኩን ሲያገኙት ለእንፋሎት የሄደውን ይጻፉት፤ ሩዙ ሲበዛ ከሩዙ ጋር የሚጨምሩት የሚጠጣውን ውሃ ብቻ ነው።